የዓይነ ምድር ምርመራ ወረቀት፤ ቃሉና ትርጓሜው

በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ ያለችው ሞያሌ ስሟ አንድ ሲሆን አስተዳደሯ ሁለት ነው። በኬንያ በኩል ባለው ወገን ሄሉ የሚባል መንደር ይገኛል። በዚያ ያለ ሰው በቤቱ የአባቱን ቋንቋ ይናገራል፤ በገበያም አማርኛ፥ ኦሮምኛና ስዋሂሊ ይሰማል። ከሐኪም ቤት የሚቀበለው የምርመራ ወረቀት ግን ከወሰኑ ወዲህም ሆነ ከወሰኑ ወዲያ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ወረቀቱም አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሦስት ወይም ከአራት መሥመር አያልፍም። ነገር ግን ከእነዚያ መሥመሮች አንዷ ሳትነበብ ብትቀር ወይም ያለ ትርጕሟ ብትተረጐም፥ ሰውዬው የማይጐዳውን ነገር ሲታከም የሚጐዳው ነገር ሥር ሊሰድበት ይችላል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን በምሳሌ መግለጥ ይቻላል። በሄሉ የሚኖር፥ ዕድሜው ኀምሳ ሁለት ዓመት የሆነ አንድ የከብት ነጋዴ አለ እንበል። ይህ ሰው ከጥቂት ወራት ወዲህ ጕልበት እያነሰው ሄዷል። ቀድሞ ያለ ድካም ይወጣው የነበረውን አቀበት አሁን በመካከሉ ቆሞ ትንፋሹን ሳይሰበስብ አይወጣውም። አልፎ አልፎም ከእንብርቱ በላይ ሆዱን ያቃጥለዋል። በዓመቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመርምሮ ሦስት ጊዜም «አሜባ ነው» ተብሎ መድኃኒት ወስዷል። በአራተኛው ጊዜ የተቀበለው ወረቀት አራት መሥመር ነበረው። አንደኛው መልኩ ቡናማ ነው ይላል። ሁለተኛው «ፎርምድ» ይላል፤ ይህም ማለት ዓይነ ምድሩ ቅርጹን የያዘ እንጂ ቀጭን አይደለም ማለት ነው። ሦስተኛው «ኢ. ሂስቶሊቲካ ስላሽ ዲስፓር ሲስት» ካለ በኋላ ሁለት የመደመር ምልክት አስከትሏል። አራተኛው «ኦከልት ብለድ ፖዚቲቭ» ይላል፤ ይኸውም ስውር ደም ተገኝቷል ማለት ነው።

መድኃኒት የሚሸጠው ሰው ሦስተኛውን መሥመር አነበበና «ያው አሜባ ነው፤ ደሙም ከእርሱ የመጣ ነው» ብሎ ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን እንክብል ለአራተኛ ጊዜ ሊሰጠው አዘጋጀ። ንግግሩ ለሰሚው ትክክል ይመስላል፤ አሜባ አንጀትን እንደሚያቈስልና ደም እንደሚያፈስ የታወቀ ነውና። ይሁን እንጂ ወረቀቱ የሚለው ይህን አይደለም። ምን እንደሚል ለማወቅ ምርመራው እንዴት እንደሚደረግ አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል።

በአብዛኞቹ ሐኪም ቤቶች የዓይነ ምድር ምርመራ የሚደረገው እንደሚከተለው ነው። መርማሪው በቀጭን እንጨት ጫፍ ጥቂት ይወስዳል፤ ክብደቱ ወደ ሁለት ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። ይህን በመስተዋት ሰሌዳ ላይ ካለ አንድ ጠብታ የጨው ውሃ ጋር ይለውሰዋል፤ ስስ መስተዋት ይከድንበትና በማጉሊያ መነጽር ይመለከተዋል። አንድ ሰው በቀን የሚያወጣው ሁለት መቶ ግራም ቢሆን፥ የታየው ከመቶ ሺሕ እጅ አንድ እጅ ብቻ ነው። በጭነት መኪና ከመጣ እህል መካከል በጣቱ ጥቂት ፍሬ ቆንጥሮ የተመለከተ ገዢ፥ ያየው ፍሬ ነቀዝ ቢኖርበት «ነቀዝ አለ» ሊል ይችላል፤ ባይኖርበት ግን «ጭነቱ ከነቀዝ ንጹሕ ነው» ብሎ ሊፈርም አይችልም። በወረቀቱ ላይ «ኖ ኦ ፒ ሲን» ተብሎ የሚጻፈውም ቃል እንዲሁ ነው። «ኦ» እንቁላልን፥ «ፒ» ጥገኛ ሕዋሳትን ያመለክታሉ፤ «ሲን» ማለትም «የታየ» ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉ በዚያች ጠብታ ውስጥ አልታየም ይላል እንጂ በሆድ ውስጥ የለም አይልም። ትሎች እንቁላል የሚጥሉት፥ አሜባም የሚወጣው በየቀኑ በአንድ ልክ ስላልሆነ፥ በሦስት የተለያዩ ቀናት የተወሰደ ናሙና ከአንድ ናሙና ይልቅ የታመነ ነው የሚባለው ስለዚህ ነው።

ሰዓቱም ዋጋ አለው። አሜባ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው በሕይወት የሚንቀሳቀሰውና የሚመገበው ሲሆን ትሮፎዞይት ይባላል፤ ሁለተኛው ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የተኛው ሲሆን ሲስት ይባላል። የሚንቀሳቀሰው መልክ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ፈጥኖ ይሞታል፤ ስለዚህ ቀጭን የሆነ ዓይነ ምድር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊታይ ይገባዋል። ሌሊት በቤት ተቀምጦ ጧት የመጣ ናሙና ይህን መልክ አያሳይም። ሲስቱ ግን ሽፋን ስላለው ይቈያል፤ ከሰው ወደ ሰው በውሃና በምግብ የሚተላለፈውም እርሱ ነው። በሽታ የሚያመጣው፥ የአንጀትን ግድግዳ የሚበላው ደግሞ የሚንቀሳቀሰው ነው። እንግዲህ በነጋዴው ወረቀት ላይ «ሲስት» የሚለው ቃል የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ቅርጹን ከያዘ ዓይነ ምድር ውስጥ የተገኘ ሲስት፥ ሰውዬው አሜባውን ተሸክሟል ማለት እንጂ አሜባው አንጀቱን እያቈሰለ ነው ማለት አይደለም። አሜባ አንጀትን ባቈሰለ ጊዜ ዓይነ ምድሩ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ይሆናል፤ ንፍጥና ለዓይን የሚታይ ደም ይቀላቀልበታል፤ ሆድንም ያምጣል። በማጉሊያ መነጽርም የሚንቀሳቀሰው አሜባ ቀይ የደም ሕዋስ ውጦ ቢታይ፥ ይህ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ነው። በነጋዴው ወረቀት ከዚህ አንዳችም የለም።

በዚሁ መሥመር በሁለቱ ስሞች መካከል የተሰመረችው ያች ትንሽ ዘንባላ መሥመር ደግሞ ከፊደሎቹ ሁሉ የበለጠ ነገር ትናገራለች። ታሪኳም ረጅም ነው። ፊዮዶር ሎሽ የተባለው ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1875 ዓ.ም. በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ ከአንድ ተቅማጥ ከያዘው ገበሬ ዓይነ ምድር ውስጥ አሜባን አይቶ ገለጠ። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ግራ የሚያጋባ ነገር አዩ። ይኸውም አሜባውን የተሸከሙት ሰዎች እጅግ ብዙ ሲሆኑ፥ የሚታመሙት ጥቂቶች መሆናቸው ነው። በ1925 ዓ.ም. ኤሚል ብሩምፕት የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ፥ እነዚህ አንድ ዓይነት አሜባ ሳይሆኑ መልካቸው የማይለይ ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ አንደኛው ያሳምማል፥ ሁለተኛው አያሳምምም ብሎ ለማያሳምመው ዲስፓር የሚል ስም አወጣለት። በዘመኑ የተቀበሉት ጥቂቶች ነበሩ። በማጉሊያ መነጽር የማይለይን ነገር ሁለት ነው ማለት ለብዙዎች የማይታመን ሆኖባቸው ነበር። ነገር ግን የውስጥ ባሕርያቸውን መመርመር በተቻለ ጊዜ የብሩምፕት አሳብ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ በ1993 ዓ.ም. ሁለቱ ዓይነቶች በይፋ ተለዩ። በ1997 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች ጋር ባደረገው ስብሰባ፥ በማጉሊያ መነጽር ብቻ የታየ ሲስት የሁለቱም ስም በአንድነት ሊጻፍበት እንደሚገባ፥ ምልክት የሌለበት ሰውም በዚህ ማስረጃ ብቻ መድኃኒት ሊሰጠው እንደማይገባ ተመክሯል።

እንግዲህ ያች መሥመር «ወይም» ማለት ናት። መርማሪው «ከሁለቱ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደ ሆነ ግን በዓይኔ ልለይ አልችልም» ብሎ በታማኝነት መስክሯል። አንባቢው ሁለተኛውን ስም ትቶ የመጀመሪያውን ብቻ ሲያነብ፥ መርማሪው ያልሰጠውን ምስክርነት ለራሱ ይፈጥራል። ይህም የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ውስጥ ከእስረኞችና ከአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የተወሰዱ፥ በማጉሊያ መነጽር አሜባ ያለባቸው ናሙናዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. በታተመ ጥናት በዘር ምርመራ በተለዩ ጊዜ፥ ዋናው የተገኘው የማያሳምመው ዲስፓር ነበር። ስለዚህ በዚህ አካባቢ «አሜባ አለብህ» ተብሎ ከሚነገረው ሰው ብዙው የሚሸከመው ምንም የማያደርገውን እንግዳ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ከዚህ ላይ ሌላ የስም ስሕተት አለ። በወረቀት ላይ አንዳንድ ጊዜ «ኢ. ኮላይ ሲስት» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ኤንታሜባ ኮላይ የሚባለው የማይጐዳ አሜባ ነው፤ ሲስቱ ሲበስል እስከ ስምንት የሚደርስ ውስጣዊ ፍሬ ይታይበታል፥ የሚያሳምመው ግን ከአራት አያልፍም። ተቅማጥ በማምጣት የሚነገርለት ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ከእርሱ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ እርሱም ሲስት የለውም፥ በዚህ ዓይነት ምርመራም አይለይም። ሁለቱ አንድ የሆኑት በስማቸው አጠራር ብቻ ነው።

የመደመር ምልክቶቹም እንዲሁ ሳይገባቸው ሰውን ያስፈራራሉ። አንድ፥ ሁለት ወይም ሦስት ምልክት የሚያመለክተው በመነጽሩ ሥር የታየው ብዛት ጥቂት ወይም ብዙ መሆኑን ነው። የበሽታውን ብርታት አያመለክትም። የማያሳምመው አሜባ ሦስት ምልክት ቢያገኝ ያው የማያሳምም ነው።

ነጋዴው ሦስት ጊዜ መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ሲስቱ ለምን ተመልሶ ታየ? ብዙ ሰው «መድኃኒቱ አልሠራልኝም፤ በሽታው ጠንቶብኛል» ይላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሜትሮኒዳዞል ከአንጀት ወደ ደም ፈጥኖ የሚገባ መድኃኒት ስለ ሆነ፥ በአንጀት ግድግዳና በጕበት ውስጥ ያለውን አሜባ በሚገባ ያጠፋል፤ በአንጀቱ ቦይ ውስጥ የተኛውን ሲስት ግን ብዙ ጊዜ አያጠፋውም። ስለዚህ ነው እውነተኛ የአሜባ በሽታ ላለበት ሰው ከሜትሮኒዳዞል በኋላ ፓሮሞማይሲን ወይም ዲሎክሳናይድ የሚባል፥ በአንጀት ቦይ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ሁለተኛ መድኃኒት የሚሰጠው። ሁለተኛው ሳይጨመር የመጀመሪያው አራት ጊዜ ቢደጋገም፥ በአራተኛውም ወረቀት ላይ ያው ቃል ቢጻፍ ሊያስደንቅ አይገባም።

እስካሁን የተነገረው ስለ ሦስተኛው መሥመር ነው። ከዚህም የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው፤ ይህ መሥመር አራተኛውን መሥመር አያስረዳም። ቅርጹን በያዘ ዓይነ ምድር ውስጥ የተገኘ ሲስት ደምን አያፈስም። እንግዲህ ደሙ ከየት መጣ?

ስውር ደም የተባለው ለዓይን የማይታይ ስለ ሆነ ነው። በጤነኛ ሰው እንኳ በቀን እስከ ሁለት ሚሊ ሊትር የሚሆን ደም በአንጀት መንገድ ይወጣል። ከላይ ከጨጓራ ኀምሳ ሚሊ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ቢፈስ ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ የጠቈረና የሚጣበቅ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ምርመራ ሳያስፈልግ ሰውዬው ራሱ ያየዋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ደም ነው እንግዲህ ስውር የሚባለው። በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚወጣ ሲሆን፥ ሰውዬው ምንም ሳያይ በወራት ውስጥ ደሙ ያልቃል።

ይህን ደም የሚፈልገው ምርመራ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን የሚጻፈው ብዙ ጊዜ «ፖዚቲቭ» ወይም «ኔጋቲቭ» ብቻ ስለ ሆነ የትኛው እንደ ተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። የቀድሞው ዓይነት ጓያክ ከሚባል ዛፍ በሚወጣ ሙጫ የተነከረ ወረቀት ነው። ዓይነ ምድሩ በቀጭኑ ይቀባበታል፤ ከዚያም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባለው ፈሳሽ ይንጠባጠብበታል። የደም ቀለም ካለ ወረቀቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሰማያዊ ይሆናል። ይህ ወረቀት ግን የሰውን ደም ከበሬ ደም አይለይም። ትናንት ጥሬ ሥጋ የበላ ሰው ዛሬ ቢመረመር፥ ወረቀቱ የበሬውን ደም አይቶ ሊሰማይ ይችላል። በአንጻሩ ቫይታሚን ሲ በብዛት የወሰደ ሰው፥ ደም ቢኖርበትም ወረቀቱ ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ተመርማሪው ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ቀይ ሥጋና የቫይታሚን ሲ እንክብል እንዲተው ይነገረዋል፤ ናሙናውም ከሦስት ጊዜ ይወሰዳል።

ሁለተኛውና አዲሱ ዓይነት የሰውን ደም ብቻ ለይቶ የሚይዝ ነው። ለእርሱ ሥጋ መተው አያስፈልግም። ነገር ግን የሚይዘው የደሙን የፕሮቲን ክፍል ስለ ሆነ፥ ከጨጓራና ከትንሹ አንጀት የሚፈሰው ደም ወደ ታች እስኪደርስ ድረስ ይህ ክፍል ይፈጫል። እንግዲህ ይህ ምርመራ የታችኛውን አንጀት ደም በሚገባ ያሳያል፤ የላይኛውን ግን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። አንዱ ወረቀት የበሬን ደም የሚከስስ፥ ሌላው የጨጓራን ደም የማያይ መሆኑን ያላወቀ ሰው በሁለቱም ሊሳሳት ይችላል።

አንዳንድ ወረቀት ላይ ደግሞ «አር ቢ ሲ» የሚል ቃል ይገኛል። ይህ በማጉሊያ መነጽር ቀይ የደም ሕዋሳት ሳይበተኑ እንዳሉ ታዩ ማለት ነው። ስውር ደም ማለት አይደለም። ሕዋሳቱ ሳይፈርሱ የሚታዩት ደሙ ቅርብ ከሆነ ቦታ፥ ማለት ከታችኛው አንጀት ሲመጣ ነው፤ ከላይ የመጣ ደም በመንገድ ስለሚፈርስ በመነጽር አይታይም። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ «አር ቢ ሲ የለም» እና «ስውር ደም አለ» ተብሎ ቢጻፍ፥ ሁለቱ ቃላት እርስ በርሳቸው አይቃረኑም።

አሁን ወደ ነጋዴው እንመለስ። መድኃኒቱን ከመግዛቱ በፊት፥ ሄሉ አጠገብ በሚገኝ አንድ የጤና ጣቢያ ወደሚሠራ ክሊኒካል ኦፊሰር ሄደ። ክሊኒካል ኦፊሰር በኬንያ በሽተኛ የሚያይ ባለሙያ ነው፤ በኢትዮጵያ የጤና መኮንን ከሚባለው ጋር ይቀራረባል። ወጣቱ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበ።

«ጋሼ፥ ተቅማጥ አለብዎ?» ሲል ጠየቀ።

«የለብኝም፥ ልጄ። ድካም ነው የያዘኝ።»

«ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት ሥጋ በልተው ነበር?»

«ሠርግ ነበረብን። ጥሬውንም ጥብሱንም በልቻለሁ።»

«ለሌላ ሕመም የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

ነጋዴው ከኪሱ አንድ ጥቅል አወጣ። ለጕልበቱ ሕመም ዲክሎፌናክ የሚባለውን እንክብል ከሁለት ዓመት ጀምሮ ከሱቅ እየገዛ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ይወስድ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም ነበር፤ የጠየቀውም አልነበረም።

ወጣቱ ሁለት ነገር አደረገ። በመጀመሪያ የደም ምርመራ አዘዘ፤ የደም ቀለም የሚባለው ሄሞግሎቢን በአንድ ዴሲ ሊትር 8.4 ግራም ሆኖ ተገኘ። ለአንድ ጐልማሳ ወንድ ከ13 በታች የሆነ ሁሉ ደም ማነስ ይባላል። ሁለተኛ፥ ዲክሎፌናኩን እንዲተው፥ ለሦስት ቀንም ሥጋ እንዳይበላ ነግሮ ሦስት ናሙና በተለያዩ ቀናት እንዲያመጣ አደረገ። ከሦስቱ በሁለቱ የጓያኩ ወረቀት ሰማያዊ ሆነ፤ በአንደኛው አልተለወጠም። በዚህ ላይ ብዙ ሰው «አንዱ ኔጋቲቭ ስለ ሆነ ድኗል» ብሎ ይሳሳታል። ደም ግን እንደ ቧንቧ ውሃ በየሰዓቱ አይፈስም፤ ይፈስሳል፥ ያቆማል፥ ደግሞ ይፈስሳል። ስለዚህ በሥርዐቱ የተደረገ አንድ ፖዚቲቭ ውጤት፥ ከእርሱ በኋላ በመጣ ኔጋቲቭ አይሻርም። እንዲያውም እንደዚህ ያለ ደም ማነስ ያለበት በዕድሜ የገፋ ወንድ ሦስቱም ኔጋቲቭ ቢሆኑ እንኳ የደሙ መጥፊያ ሳይፈለግ ሊተው አይገባውም።

ሌላ የቀረ ተጠርጣሪ ነበር፤ እርሱም መንጠቆ ትል ነው። ይህ ትል በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። ከሁለቱ ዓይነቶች ብርቱው አንኪሎስቶማ የሚባለው በቀን ወደ 0.2 ሚሊ ሊትር እንደሚያስወጣ ይገመታል፤ ሁለተኛው ኔካቶር የሚባለው 0.03 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አንድ ትል ኢምንት ነው። መቶ አንኪሎስቶማ ግን በቀን 20፥ በወር 600 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ይህም አንድ ደም ለጋሽ በአንድ ጊዜ ከሚሰጠው ይበልጣል። ሒሳብ የሚያውቅ ነጋዴ፥ ትንሽ ወጪ በየቀኑ ሲደጋገም ዋናውን ገንዘብ እንደሚበላ ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ አያስፈልገውም። ስለዚህ በወረቀት ላይ «ሁክዎርም ኦቫ» የሚል ቃልና ስውር ደም በአንድነት ሲገኙ፥ ሁለቱ ሊያያዙ ይችላሉ፤ ሲስትና ስውር ደም ግን እንዲህ አይያያዙም። እንዲህም ሆኖ በመንጠቆ ትል የተያዘ ሰው መድኃኒት ወስዶ ደሙ ካልተመለሰ ሌላ ምክንያት ሊፈለግለት ይገባል። በነጋዴው ሦስት ናሙናዎች ውስጥ የዚህ ትል እንቁላል አልተገኘም።

ስለዚህ የቀረው ነገር ወደ ውስጥ መመልከት ሆነ። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢም ሆነ እስከ አዲስ አበባ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነጋዴው ከብቱን ለወንድሙ አደራ ብሎ በአውቶቡስ ወደ ናይሮቢ ሄደ። በዚያም ጫፉ ብርሃን ያለው ቀጭን ቱቦ በአፉ ገብቶ ጨጓራው ታየ። ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይ አንድ ቁስል ተገኘ፤ ከላዩም ደም ያዘለ ነበር። ከዚያ የተወሰደው ቅንጣት ሄሊኮባክተር ፒሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ አሳየ። የታችኛው አንጀትም በሌላ ቱቦ ታየ፤ ይህም የተደረገው በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ከላይ ቁስል ስለ ተገኘበት ብቻ ከታች ነቀርሳ የለበትም ማለት ስለማይቻል ነው። በታችኛው አንጀት ምንም አልተገኘም። ባክቴሪያውን የሚያጠፋ፥ የጨጓራንም አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ተሰጠው፤ የብረት እንክብልም ታዘዘለት። ዲክሎፌናክን ዳግመኛ እንዳይነካ ተነገረው። የብረቱ እንክብል ዓይነ ምድሩን አጥቍሮት ነበርና ነጋዴው ደሙ የተመለሰ መስሎት ደነገጠ፤ ይህ ጥቍረት ግን የብረቱ ነው፥ እንደ ሬንጅ አይጣበቅም፥ የደምንም ሽታ አይሸትም ብለው አስረዱት።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ የመርማሪው ወረቀት አንዳችም ስሕተት አልነበረበትም። «ፎርምድ» ያለው እውነት ነበር፤ «ሲስት» ያለውም እውነት ነበር፤ በሁለቱ ስሞች መካከል ያሰመራትም መሥመር እውነት ነበረች። ስሕተቱ የነበረው ከአራቱ መሥመሮች አንዱን መርጦ ሌሎቹን በእርሱ በማስረዳት ነው። በሆዱ ውስጥ የማይጐዳ እንግዳ መገኘቱ፥ ሌባው እርሱ ነው የሚያሰኝ ሆነ፤ እውነተኛው ሌባ ግን በየቀኑ ደሙን ይወስድ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ወረቀት በእጁ የገባ ሰው ሐኪሙን አራት ነገር ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። ናሙናው ቀጭን ነበር ወይስ ቅርጹን የያዘ? የታየው ሲስት ነው ወይስ የሚንቀሳቀሰው? የስውር ደሙ ምርመራ ከሁለቱ በየትኛው ዓይነት ተሠራ፥ አስቀድሞስ የበላሁትና የወሰድሁት መድኃኒት ታስቦበታል? የታየው ጥገኛ ሕዋስ ደሙን ሊያፈስ የሚችል ነው ወይስ ደሙ ሌላ ምክንያት አለው? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ «ፖዚቲቭ» የሚለው ቃል በኪስ ታጥፎ ሊቀመጥ አይገባውም።

ነጋዴው ከሦስት ወር በኋላ ደሙ በተመረመረ ጊዜ 12.9 ሆኖ ተገኘ። ሲስቱ ግን በዚያ ቀን በተደረገው ምርመራ እንደ ገና ታየ። ክሊኒካል ኦፊሰሩም ወረቀቱን አንብቦ ፈገግ አለና «ይህንን ይተዉት፥ ጋሼ» አለው፤ ወረቀቱንም አጥፎ መለሰለት።